እኔ የተውኩትን ሥራ ለማን ልጠቁም?

«ውድ አማካሪያችን፣ የ34 ዓመት ሴት ስሆን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አስመጪ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ምክትል ኃላፊ ነኝ። ሰሞኑን አንዲት የቅጥር ኤጀንሲ ባለሙያ ደውላ፣ ሐዋሳ በሚገኝ የውጭ ግብረ ሰናይ ድርጅት የፋይናንስና አስተዳደር ኃላፊነት ሥራ አቀረበችልኝ። እናቴን ስለማስታምም አመስግኜ ተውኩት። ወዲያው ‹የሚሆን ሰው ካወቁ እስከ ዓርብ ስምና ስልክ ይላኩልኝ› አለችኝ። ሁለት ሰዎች በሐሳቤ መጡ። አንዷ የልብ ጓደኛዬ ናት፤ ስድስት ዓመት በባንክ ብድር ክፍል ሠርታ ከለቀቀች ስምንት ወር ሆኗታል። አብረን ሠርተን አናውቅም፤ የእቁባችን ገንዘብ ያዥ ግን እሷ ናት። ሌላው እኔ ሥር የሚሠራ ባልደረባዬ ነው። ቀደም ሲል በግብረ ሰናይ ድርጅት ሦስት ዓመት የፕሮጀክት ሒሳብ ሠርቷል፤ ለሥራው የሚሆነው እሱ ይመስለኛል። እሱ ቢሄድ ግን ሐምሌ ላይ ዓመታዊ ሒሳብ ስንዘጋ እቸገራለሁ፤ አለቃዬም ቢሰማ ይቀየመኛል። ጓደኛዬን ትቼ እሱን ብጠቁም ደግሞ ፊቷን እንዴት አያለሁ? ለመሆኑ እኔ የተውኩትን ሥራ ለሰው ማቅረብስ ትርፍራፊ መስጠት አይሆንም ወይ?»

ግራ የገባት፣ ከአዲስ አበባ

ውድ እህቴ፣

ዓርብ ቅርብ ስለሆነ ዛሬውኑ ልታደርጊው በሚገባሽ ነገር ልጀምር። ለባለሙያዋ አጭር መልእክት ላኪላት፤ በመልእክቱ ውስጥ ግን የማንንም ስም አታስገቢ። «በሐሳቤ ያሉ ሰዎች አሉ። ሳላስፈቅዳቸው ስማቸውንና ስልካቸውን መስጠት ስለማልፈልግ አነጋግሬአቸው ፈቃደኛ የሆነው ራሱ እስከ ዓርብ እንዲደውልልዎ አደርጋለሁ» ብትያት ይበቃል። ሥራዋን የምታውቅ ባለሙያ በዚህ አትቀየምም፤ እንዲያውም ሳያስበው በድንገት ከሚደወልለት ሰው ይልቅ ስለ ሥራው ሰምቶና አስቦ የሚደውልላት ሰው ይጠቅማታል።

ይህን አጥብቄ የምልሽ ከብዙ ዓመታት በፊት እኔ ራሴ ያጠፋሁት ጥፋት ስላለ ነው። ያልተቀበልኩትን አንድ ሥራ ለወዳጄ ይሆነዋል ብዬ በማሰብ፣ እሱን ሳልጠይቅ የቢሮውን ስልክ ለቀጣሪዎቹ ሰጠሁ። ሲደውሉ ስልኩን ያነሣው አጠገቡ የሚሠራ ሰው ነበር፤ ስለ ምን እንደሚፈልጉትም ነገሩት። ወዳጄ ሥራውን አላገኘም፤ በነበረበት ቢሮ ግን ለወራት «ሊሄድ ነው» እየተባለ ሲታይ ቆየ፤ በዚያው ዓመት የተሰጠ የሥልጠና ዕድልም አለፈው። በጎ ልብ ነበረኝ፤ ዋጋውን የከፈለው ግን እሱ ነው። ሥራ መፈለግ የሰው የግል ምሥጢር ነው፤ መቼና ለማን እንደሚነገር የሚወስነውም ባለቤቱ ብቻ ነው።

በዚያው መልእክት ወይም በአጭር የስልክ ጥሪ ባለሙያዋን ሦስት ነገር ብትጠይቂያት ከሁለቱ ሰዎች ጋር የምታደርጊው ንግግር ይቀልልሻል። የመጀመሪያው፣ የቀጣሪውን ድርጅት ስም ለሌላ ሰው መናገር ይፈቀድልሽ እንደሆነ ነው፤ ኤጀንሲዎች ስሙን በአደራ የሚነግሩበት ጊዜ አለና ሳትጠይቂ እንዳትናገሪው። ሁለተኛው፣ ያለ እሱ የማይሆነው መመዘኛ ምን እንደሆነ ነው፤ ማስታወቂያው አሥር ነገር ሊዘረዝር ይችላል፤ ቀጣሪው በእርግጥ የማይተወው ግን ሁለት ወይም ሦስቱን ነው። ሦስተኛው የደመወዙ መነሻና ጣሪያ፣ የተጣራ ይሁን ያልተጣራ፣ እንዲሁም የፕሮጀክቱ በጀት የሚያበቃበት ጊዜ ነው። ለአንቺ የተነገረሽን ቁጥር እንዳለ ለሌላ ሰው አትንገሪ። በልምድሽ መጠን ለአንቺ የቀረበ ሊሆን ስለሚችል ሌላው ያንን ጠብቆ ሄዶ ያነሰ ቢቀርብለት እንደተበደለ ይሰማዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀትሽ ልምጣ። እኛ አገር «ሰው ጠቆምኩ» ስንል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል እንጠራለን፤ የሚያስጨንቅሽ ሦስቱ ስለተደባለቁብሽ ይመስለኛል። አንደኛው ወሬውን ማድረስ ነው፤ ይህ ሥራ አለ፣ ብትፈልጊ ለዚህች ሴት ደውዪ ማለት። ሁለተኛው መመስከር ነው፤ ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ ይህንና ይህን ሲሠራ አይቻለሁ ማለት። ሦስተኛው ዋስ መሆን ነው፤ ገንዘብና ንብረት በሚነካ ሥራ ላይ ቀጣሪው ዋስ የሚጠይቅበት ጊዜ ብዙ ነውና ሠራተኛው ጉድለት ቢያደርስ ገንዘቡን የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። የመጀመሪያውን ለሚመለከተው ሰው ሁሉ ልታደርጊው ትችያለሽ። ሁለተኛውን በዓይንሽ ላየሽው ነገር ብቻ አድርጊው። ሦስተኛውን ግን ከጥቆማው ፈጽሞ ለይተሽ አስቢው። ዋስ ስትሆኚ ብዙ ጊዜ ደመወዝሽንና የሥራ መደብሽን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤትሽ አምጪ ትባያለሽ፤ ያን ጊዜ የምትፈሪው አለቃሽ ነገሩን በደብዳቤ ያውቀዋል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዳቸው «አንቺው ጀምረሽዋልና ዋስም ሁኚኝ» ቢሉሽ «ሥራውን ነግሬሃለሁ፣ ዋስ መሆን ግን አልችልም» ማለት መብትሽ ነው፤ ቃሉ በይሉኝታ እንዳያመልጥሽ መልሱን ካሁኑ በልብሽ ያዢው።

ስለ ጓደኛሽ ልጠይቅሽ። ስሟ ቀድሞ በሐሳብሽ የመጣው ሥራው ስለሚሆናት ነው ወይስ ስምንት ወር ያለ ሥራ መቀመጧ ስላሳዘነሽ? ማዘንሽ አያስነቅፍሽም፤ ለባለሙያዋ የሚነገር ምክንያት ግን አይሆንም። የብድር ክፍል ሰው የተበዳሪን የሒሳብ መግለጫ ማንበብና መመርመር ያውቃል። የፕሮጀክት ፋይናንስ ኃላፊ ደግሞ መግለጫውን ራሱ ያዘጋጃል፤ የለጋሹን ገንዘብ በበጀት መደብ ይከፋፍላል፤ ሪፖርት በቀኑ ያደርሳል፤ ከዚያም በላይ ግዢና የሠራተኛ ጉዳይ ይመራል። ይህ ልዩነት እንዲህ ያለውን ሥራ ትጀምራለች ወይስ አትጀምርም የሚለውን አይወስንም፤ ምናልባት ባለሙያዋ ሌላ የሚመጥናት ቦታ ይኖራት ይሆናል። መወሰን ያለባት ግን እሷ ናት። አንቺ በእሷ ቦታ ሆነሽ «አይሆናትም» ብለሽ ብትደብቂያትና በኋላ ከሌላ ሰው ብትሰማ፣ ያኔ በእርግጥ ፊቷን ማየት ይከብድሻል።

ስለዚህ ንገሪያት፤ ስትነግሪያትም ሁለት ነገር እንዳታስቀሪ። አንደኛው ሥራውን የተውሽበት ምክንያት ነው። በዚህ ላይ ራስሽን በእውነት ጠይቂ፤ ከእናትሽ ሕመም ሌላ፣ ከባለሙያዋ ጋር ስትነጋገሪ ያልወደድሽው ነገር ነበረ? ደመወዙ አንሶ፣ የሥራው ብዛት አስፈርቶሽ፣ ወይም ከዚህ በፊት የነበረው ሰው ለምን እንደለቀቀ ስትጠይቂ መልሱ ተድበስብሶብሽ ከነበረ እሱንም የማወቅ መብት አላት። ትርፍራፊ የሚሆነው ያወቅሽውን እንከን ሸፍነሽ ስትሰጫት ነው። ለአንቺ ቦታው ሩቅ ሆኖ ለእሷ ላይርቅ የሚችልን ሥራ፣ ምክንያቱን ገልጠሽ ብትነግሪያት ግን ትርፍራፊ የሚለው ቃል አይመለከትሽም። ሁለተኛው፣ ወሬው ለሌላ ሰውም እንደደረሰ ነው። የባልደረባሽን ስም አታንሺ፤ ነገር ግን «ለአንድ ሌላ ሰውም እነግራለሁ፣ ባለሙያዋም በራሷ መንገድ ሌሎች ሰዎች ታነጋግራለች» በያት። ይህን ከመጀመሪያው ብትሰማው ተራ ነገር ነው፤ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ብትሰማው ግን ክህደት ይመስላታል።

ልትያት የምትችይው እንዲህ ያለ ነው። «ሐዋሳ የሚሠራ የፋይናንስ ኃላፊነት ሥራ ቀርቦልኝ ነበር፤ በእማዬ ምክንያት አልተቀበልኩም። ከሚፈልጉት ዋናው የፕሮጀክት ሒሳብና የለጋሽ ሪፖርት ልምድ ነው፤ ያንቺ የብድር ሥራ ምን ያህል እንደሚቀርበው ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ከፈለግሽ የባለሙያዋን ስልክ እሰጥሻለሁ፣ ሲቪሽን ራስሽ ትልኪላታለሽ። ካልፈለግሽም ምንም አይደለም፤ ደግሜ አላነሣብሽም።» የመጨረሻዋን ሐረግ አትተያት። ሥራ ፈትቶ የቆየ ሰው ወዳጁ ያመጣለትን ነገር እምቢ ማለት ስለሚከብደው በይሉኝታ ብቻ ሲቪ ይልካል፤ ሳይጠራ ሲቀርም በራሱ ያዝናል።

ባለሙያዋ ደውላ ስለ ጓደኛሽ ብትጠይቅሽ ያላየሽውን የቢሮ ሥራዋን አታወድሺ። ያየሽው ግን ትንሽ አይደለም። «በሥራ አብረን አልነበርንም። የእቁባችንን ገንዘብ የምትይዘው ግን እሷ ናት፤ ሰብስባ ለባለ ዕጣው በቀኑ ታስረክባለች፣ መዝገቧም ለአባላቱ ሁሉ ክፍት ነው» ማለት ትችያለሽ፤ እውነት እንደዚያ ከሆነ። እንዲህ ያለ ምስክርነት «በጣም ጎበዝና ታማኝ ናት» ከሚለው ይልቅ ክብደት አለው፤ ባለሙያዋ ከዚህ ተነሥታ የቀረውን ራሷ ትጠይቃለች። ባለሙያዋ ለምን ጠንቃቃ እንደምትሆን ማወቅም ይጠቅምሻል። ኤጀንሲ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ከቀጣሪው ነው፤ ያስቀጠረው ሰው በተስማሙበት ጊዜ ውስጥ ቢለቅ ወይም ቢሰናበት ያለ ክፍያ ሌላ ሰው ለመተካት የሚገደድበት ውልም የተለመደ ነው። ያልተመጠነ ውዳሴ እሷን ለኪሳራ፣ ሰውዬውን ለውርደት፣ አንቺንም በሚቀጥለው ጊዜ ለማይሰማ ቃል ይዳርጋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ባለሙያዋ ወይም በስሟ የሚደውል ሰው ከጓደኛሽም ሆነ ከባልደረባሽ የመመዝገቢያ ወይም የማስቀጠሪያ ገንዘብ ቢጠይቅ ነገሩ እዚያው ይቁም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአገር ውስጥ ሥራ የሚያገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ገንዘብ አይቀበልም። ለአንቺም ሰው ስላመጣሽ የሚከፈል ነገር ካለ ለምትነግሪያቸው ሰዎች አስቀድመሽ ግለጪላቸው።

የባልደረባሽ ጉዳይ ይበልጥ ረቂቅ ነው፤ የቅርብ አለቃው ነሽና። እስቲ ይህን አስቢ፤ ይኸው ሰው በሌላ ክፍል ቢሠራ ኖሮ ትነግሪው ነበር? «አዎን» ከሆነ መልስሽ የሚያግድሽ የሐምሌ ሥራ ነው ማለት ነው፤ ለአንቺ ሥራ መቃለል ሲባል የእሱን ዕድል መያዝ ደግሞ ተገቢ አይመስለኝም። «ደመወዝ ከሚከፍለኝ ድርጅት ሠራተኛ አላስወጣም» የሚል ከሆነ ግን ይህም የተከበረ አቋም ነው፤ ለጓደኛሽ ብቻ ነግረሽ ብትተዪው አልወቅስሽም። እንደ እኔ ብትጠይቂኝ ብትነግሪው እመርጣለሁ፤ በአንድ ሁኔታ ግን፦ ስሙን ለባለሙያዋ የምትሰጪው አንቺ እንዳትሆኚ። ስልኳን ስጪው፤ ቀሪው የእሱ ይሁን። የበታች ሠራተኛሽን ስም ራስሽ ብታሳልፊ በአለቃሽ ዓይን ሠራተኛ ያስኮበለልሽ ትሆኛለሽ፤ እሱም እምቢ ለማለት ይቸገራል።

የምትነግሪው ከቢሮ ውጭ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ በአካል ይሁን። በቢሮ ኢሜይልም ሆነ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ባሉበት የቴሌግራም ቡድን ምንም እንዳትጽፊ። ደግሞም አለቃው «ሌላ ቦታ ሥራ አለ» ስትለው ልታስወጪው የፈለግሽ ሊመስለው ይችላልና ከዚያ ጀምሪ። «ይህን የምነግርህ እንድትሄድ ፈልጌ አይደለም፤ ብትቆይ ደስ ይለኛል። ቀደም ሲል የሠራኸውን የፕሮጀክት ሒሳብ ስለማውቅና ሥራውን እኔ ስላልተቀበልኩት ነው። ብትደውልም ባትደውልም አልጠይቅህም» በዪው። ቃልሽንም ጠብቂ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ እሱ የምታውቂው ነገር ተጨምሯልና የሥራ አፈጻጸሙን ስትሞዪ ወይም ለሥልጠና ሰው ስትመርጪ «ይሄ እኮ ሊሄድ ነው» የሚል ሐሳብ ሳታውቂው እጅሽን ሊይዘው ይችላል። ይህን ማድረግ እንደማትችዪ ከተሰማሽ ባትነግሪው ይሻላል።

የሐምሌን ጉዳይ እስቲ በቀን እናስላው። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በግንቦት መጀመሪያ ነው። የጽሑፍ ፈተናውና ቃለ መጠይቁ አንድ ወር ገደማ ቢወስድና ሰኔ 5 ቀን የቅጥር ደብዳቤ ቢደርሰው፣ በአዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስለሚሰጥ የሚለቀው ሐምሌ 5 አካባቢ ነው። ይህ ማለት ሰኔ 30 የሚደረገውን የመጋዘን ቆጠራ አብሯችሁ ይሠራል፤ የሚያልፈው ከዚያ በኋላ ያለው የማመሳከርና የኦዲት ሥራ ነው። አዲሱን ቀጣሪ የአራት ሳምንት ያህል ጊዜ ጠይቆ ነሐሴ ላይ ልጀምር ሊል ይችላል፤ ብዙ ቀጣሪዎች ለዚህ እሺ ይላሉ። ይህን ሐሳብ ግን ከእሱ ጠብቂው፤ ከአንቺ ከመጣ ልመና ወይም ትእዛዝ ይሆንበታል። በአንቺ በኩል ማንንም ሳታስጠረጥሪ ካሁኑ ልታደርጊው የምትችይው፣ የባንክ ማመሳከሪያውንና የቆጠራ ሰነዱን አያያዝ ለሌላ አንድ ሠራተኛ ማስተማር ነው፤ እሱ ባይሄድም ቢታመም ይጠቅምሻል።

እሱም ቋሚ ሥራውን ለቆ ስለሚሄድ ሁለት ነገር እንዲያጣራ ብትነግሪው ትረጂዋለሽ። አንደኛው ፕሮጀክቱ የሚያበቃበት ቀን ነው፤ የለጋሹ ገንዘብ ከአንድ ዓመት በኋላ የሚያልቅ ከሆነ የደመወዙ ጭማሪ የዚያን ያህል አያስጎመጅም። ሁለተኛው የሙከራ ጊዜው ነው፤ አዋጁ እስከ 60 የሥራ ቀናት ይፈቅዳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቀጣሪው ሠራተኛው ለሥራው ብቁ አይደለም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል። የቅጥር ደብዳቤው ተፈርሞ በእጁ ሳይገባ መልቀቂያ እንዳያስገባም አሳስቢው፤ በቃል «ተቀጥረሃል» ተብሎ ለቆ መንገድ ላይ የቀረ ሰው አውቃለሁ።

አለቃሽ ጉዳዩን ሰምቶ ቢጠይቅሽ አትዋሺው። «ሥራ ቀርቦልኝ አልተቀበልኩም። ስለሌላ ሰው ግን ሰውዬው ራሱ ቢናገር እንጂ እኔ መናገር አልችልም» ብትይው ለእሱም ለባልደረባሽም ታማኝ ትሆኛለሽ። መቀየሙ አይቀር ይሆናል፤ ሥራ ቀርቦልሽ አለመሄድሽን ግን በዚያው ንግግር ያውቃል።

ሁለቱም ከደወሉ በኋላ ከመካከላቸው ውጪ። ባለሙያዋን «የኔ ሰዎች እንዴት ሆኑ» ብለሽ አትጠይቂ፤ የአንዱን ዜና ለሌላው አታድርሺ። ባለሙያዋ ለሳምንታት ዝም ልትል ትችላለች፤ ቀጣሪው ውሳኔውን ሲያዘገይ የተለመደ ነው። ጓደኛሽ ብትጨነቅ ራሷ በአንድ አጭር መልእክት እንድትጠይቅ ንገሪያት። ባልደረባሽ ተመርጦ እሷ ብትቀር የሚሰማት ሐዘን ይኖራል፤ ያኔ ማብራሪያ ከመደርደር ይልቅ ሄደሽ አጠገቧ ብትቀመጪ ይበልጥባታል።

ዓርብ ለባለሙያዋ የምትጽፊውን መልእክት እንዲህ አድርጊው። «ሁለት ሰዎች አነጋግሬአለሁ፤ ፈቃደኛ የሆነው ራሱ ይደውልልዎታል። ካልደወለልዎ ፈቃደኛ አልሆነም ማለት ነውና ስሙን አልሰጥም።» ከዚያ በታች ስለራስሽም አንድ መስመር ጨምሪ። ደብዳቤሽን ሳነብ ሥራውን የተውሽው ስለጠላሽው አልመሰለኝም፤ እናትሽን ትተሽ መሄድ ስለማትችዪ ብቻ ነው። «አዲስ አበባ ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ ቢገኝ ስለ እሱ መነጋገር እፈልጋለሁ» ብለሽ ጻፊላት፤ ባለሙያዋ ሩቅ ስለሆነብሽ የተውሽውንና ፈጽሞ የማትፈልጊውን ለይታ የምታውቀው ከነገርሻት ብቻ ነው።